ከምረቃው በኋላ የሚወርደው ቤት

ለስላሳ ሸክላ ላይ የተዘረጋ የራፍት መሠረት ወዲያው ጥቂት ይሰምጣል፤ ከዚያ ለዓመታት ቀስ እያለ ብዙ ይሰምጣል። በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ ከተሞች ደግሞ የሚያስቸግረው አንዱ ጫፍ ቆሞ ሌላው መውረዱ ነው።

ከጎንደር ተነስቶ በወገራ ሜዳ በኩል ወደ ዳባትና ደባርቅ የሚወጣ መንገደኛ መሬቱን ከመኪና መስኮት ሲያየው ወጥ የሆነ ደጋ ይመስለዋል። ጥቅምት ላይ ወርዶ በእግሩ ቢሄድበት ግን በመቶ እርምጃ ውስጥ ሁለት አገር ያገኛል። ጉብታው ላይ ጫማው ከድንጋይ ጋር ይጋጫል። ወደ ረባዳው ሲወርድ ያው ጫማ በጥቁር ጭቃ ተይዞ አልወጣም ይላል። ገበሬው ይህን ጥቁር አፈር ዋልካ ይለዋል፤ በክረምት በሬ እንደሚያጠልቅ፣ በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ እንደሚሰነጠቅ ያውቃል። ቤት ሠሪው ይህን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው።

እንዲህ ባለ ተዳፋት ላይ ለሕንፃ የሙከራ ጉድጓድ ሲቆፈር መቆም ጥሩ ትምህርት ነው። በላይኛው ጥግ የሚቆፍረው ሰው ወገቡ እንኳ ሳይሸፈን ዶማው ድንጋይ መትቶ ይጮኻል። በታችኛው ጥግ ያለው ትከሻው ጠልቆ፣ ራሱ ጠልቆ፣ ከዚያም መሰላል ተጨምሮለት አሁንም የሚያወጣው ያንኑ ጥቁር አፈር ነው። ወደ ታች በሄደ ቁጥር አፈሩ ይርሳል፤ በመጨረሻ በጣት ሲጫኑት የጣት ምልክት ይይዛል። አንድ በዚህ ሥራ ያረጁ ግንበኛ ነገሩን ሲያጥሩት፣ «ላይኛው ዶማ ይጮኻል፣ ታችኛው ዝም ይላል። እኔ የምፈራው ዝም ያለውን ነው» ይላሉ።

ይህ ዘገባ ዝም ስላለው ነው።

## ድስቱን የማያሳይ ወጥ

የሰሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በተደጋጋሚ የፈሰሰና የተደራረበ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ናቸው። ከደባርቅ አልፎ በሊማሊሞ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ያንን ድርብርብ በገደሉ ላይ በመሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ ተነባብሮ ያየዋል። ይህ ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት የሚባለው፣ በዝናብና በጊዜ ብዛት ሲበሰብስ መጨረሻው ደቃቅ ሸክላ ነው። ሸክላውን ጎርፍ ከጉብታው እያጠበ ወደ ረባዳው ያወርደዋል፤ ረባዳው ውስጥም ይከማቻል።

ከሥር ያለው የድንጋይ ፊት ግን እንደ ላዩ ለጥ ያለ አይደለም። ድሮ ሸለቆ የነበረ፣ ድሮ ደረጃ የነበረ፣ ድሮ ጉብታ የነበረ ሁሉ በሸክላው ተሞልቶና ተሸፍኖ ይገኛል። ወጥ ከላይ ሲታይ እኩል ነው፤ ድስቱ የቱ ላይ እንደሚጠልቅ ማማሰያ ያላስገባ አያውቅም። በተራራ ግርጌ የሚሠራ መሐንዲስ የመጀመሪያ ጥያቄ «አፈሩ ምን ዓይነት ነው?» ነው። ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ «በየጥጉ ስንት ሜትር ነው?» የሚለው ነው።

ሌላም ማታለያ አለ። በበጋ የዋልካው የላይኛው ሽፋን ደርቆ እንደ ጡብ ይጠነክራል። መጋቢት ላይ ቦታውን ያየ ባለቤት «ይኼማ ድንጋይ ነው» ብሎ ይመለሳል። ያ ጥንካሬ ቅርፊት ነው፤ ከእሱ በታች፣ ውሃ በማይለቀው ጥልቀት፣ ሸክላው ዓመቱን ሙሉ ለስላሳ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ሕንፃው ደግሞ የሚጫነው ቅርፊቱን ብቻ አይደለም። ሰፊ መሠረት ክብደቱን ወደ ጥልቁ ይልካል፤ 12 ሜትር ስፋት ያለው ራፍት ከሥሩ 6 ሜትር ላይ ያለውን አፈር እንኳ በደንብ ያስጨንቀዋል።

## አይብ በጨርቅ

ለስላሳ ሸክላ ሲጫኑት ሁለት ነገር ተከታትሎ ይሆናል። ሁለቱን ለመለየት ከእናቶች ጓዳ የተሻለ ላቦራቶሪ የለም።

አይብ በጨርቅ ተቋጥሮ ድንጋይ ይጫንበታል እንበል። ድንጋዩ እንዳረፈ ቋጠሮው ይደፈጠጣል፤ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ቁመቱ ይቀንሳል። ገና አንዲት ጠብታ አጓት አልወጣችም፤ የተለወጠው ቅርጹ ብቻ ነው። ከዚያ አጓቱ መንጠብጠብ ይጀምራል። ቋጠሮው ሌሊቱን ሙሉ እያነሰ፣ አይቡም እየጠነከረ ይሄዳል። ጠዋት ላይ ድንጋዩ ያው ነው፤ ቋጠሮው ግን የማታው አይደለም።

የመጀመሪያው የመሐንዲሶች «ወዲያውኑ የሚሆን ስምጠት» ነው። ሸክላው ውስጥ ያለው ውሃ ለመውጣት ጊዜ ስላላገኘ የአፈሩ ይዘት አይቀንስም፤ ቅርጹ ይለወጣል እንጂ። ኮለኑ ሲቆም፣ ሶሌታው ሲሞላ፣ ይህ ስምጠት እግር በእግር ይከተላል፤ ግንባታው ሲያልቅ እሱም ያልቃል። እንዲያውም ግንበኛው ሳያውቀው ያርመዋል፤ በየፎቁ ውሃ ልክ ሲያደርግ እስከዚያ ቀን የወረደውን እያካካሰ ነው።

ሁለተኛው ኮንሶሊዴሽን ይባላል። የሕንፃው ክብደት መጀመሪያ የሚያርፈው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል በታሰረው ውሃ ላይ ነው። ውሃው ጫናውን ለመሸሽ ይወጣል፤ ነገር ግን የሸክላ ቀዳዳ እጅግ ጠባብ ስለሆነ የሚወጣው በዝግታ ነው። ውሃው በወጣ መጠን ክብደቱ ወደ ቅንጣቶቹ ይተላለፋል፣ ቅንጣቶቹ ይቀራረባሉ፣ መሬቱ ይወርዳል። ይህ በሮለር ከሚደረገው መጠቅጠቅ ይለያል። ሮለር አየር ያስወጣል፤ ኮንሶሊዴሽን ውሃ ያስወጣል፤ የሚፈልገውም ጊዜ ነው።

> ግንበኛው በየፎቁ ውሃ ልክ ሲያደርግ የዛሬውን ስምጠት ያርማል። የሚቀጥሉትን 8 ዓመታት ግን ማረም አይችልም።

## 45 ደቂቃና 8 ዓመት

ስንት ጊዜ? የሚለውን መልስ የሰጠው ካርል ቴርዛጊ ነው። ይህ ኦስትሪያዊ መሐንዲስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ኢስታንቡል ውስጥ እያስተማረ፣ አነስተኛ ሸክላ በቀለበት ውስጥ አስቀምጦ ከላይ እየጫነ ስንት እንደሚወርድና በስንት ጊዜ እንደሚወርድ ይለካ ነበር። ውጤቱን በ1925 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣው። ዛሬም የአፈር ላቦራቶሪዎች በመሠረቱ ያንኑ ሙከራ ይሠራሉ። ሳይረበሽ ከጉድጓድ የወጣ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሸክላ በቀለበት ይያዛል፤ ከላይና ከታች ውሃ የሚያሳልፍ ድንጋይ ይደረግለታል፤ ክብደት ይጫንበታል፤ በየ24 ሰዓቱም ክብደቱ እጥፍ ይሆናል።

ከዚህ ሙከራ ሁለት ነገር ይገኛል፦ አፈሩ ስንት እንደሚታመቅና በምን ፍጥነት እንደሚታመቅ። ከፍጥነቱ ጀርባ ያለው ሕግ ለማስታወስ ቀላል ነው። ውሃው የሚጓዘው መንገድ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል፤ መንገዱ ስድስት እጥፍ ሲሆን ጊዜው ሠላሳ ስድስት እጥፍ።

በቁጥር እንየው። የኮንሶሊዴሽን ፍጥነቱ በዓመት 1 ካሬ ሜትር የሆነ ሸክላ፣ ለስላሳ ሸክላ ላይ እንግዳ ያልሆነ ቁጥር ነው፣ በላቦራቶሪው ቀለበት ውስጥ ዘጠና በመቶ ሥራውን በ45 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል። ያው ሸክላ በሜዳው ላይ 6 ሜትር ውፍረት ካለውና ውሃው ከላይም ከታችም መውጫ ካገኘ፣ ከናሙናው ሦስት መቶ ጊዜ ይወፍራል። ጊዜው ደግሞ ዘጠና ሺህ ጊዜ ይረዝማል። 45 ደቂቃው 8 ዓመት ሊሞላ ትንሽ ብቻ ይቀረዋል። ከሥር ያለው ድንጋይ ውሃ የማያሳልፍ ሆኖ መውጫው ከላይ ብቻ ከሆነ ጊዜው እንደገና በአራት ተባዝቶ 30 ዓመት ይደርሳል።

«ባለቤቶች ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ» ትላለች አንዲት የአፈር ምርመራ ባለሙያ። «ናሙናው ከሰዓት በፊት ጨርሶ አዩት። ቤታቸው ግን ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ እየወረደ ነው።»

## አንድ ሕንፃ እንሥራ

የማንንም ሕንፃ አናነሳም፤ አንድ ምሳሌ ራሳችን እንሥራ። ቦታው ከጉብታ ወደ ረባዳ የሚወርድ ተዳፋት ነው። ሕንፃው ጂ+3፣ ስፋቱ 12 ሜትር፣ ርዝመቱ 24 ሜትር፤ ርዝመቱ ወደ ቁልቁለቱ የተዘረጋ ነው። መሠረቱ በአንድ ላይ የተሞላ ራፍት ነው። ከራፍቱ በታች በላይኛው ጫፍ 1 ሜትር፣ በታችኛው ጫፍ 6 ሜትር ሸክላ አለ። ከዚያ በታች ድንጋይ ነው።

ሕንፃው ከነራፍቱ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 6.5 ቶን ይጫናል እንበል። ለመሠረቱ 1.5 ሜትር ስለተቆፈረ 2.5 ቶን አፈር ወጥቷል። ስለዚህ ሸክላው ከለመደው በላይ የሚጨመርበት 4 ቶን ነው። ይህ ብዙ አይደለም። ሸክላው ለስላሳ ቢሆንም ሕንፃውን ለመሸከም አቅሙ ከሚያስፈልገው አራት እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። «አፈሩ ይችላል ወይ?» የሚለው ፈተና በቀላሉ ታለፈ። ብዙ ንድፍ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ስምጠቱን እናስላ። ወዲያውኑ የሚሆነው በታችኛው ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣል፤ በላይኛው ጫፍ ከምንም አይቆጠርም። በኮንሶሊዴሽን የሚሆነው ግን፣ መጠነኛ የመታመቅ ባሕርይ ላለው ሸክላ፣ በታችኛው ጫፍ 8.5 ሴንቲ ሜትር፣ በላይኛው ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ነው። ሲደመር ታችኛው 9.5፣ ላይኛው 2። ልዩነቱ 7.5 ሴንቲ ሜትር ነው።

ትልቁ ጉዳይ ይህ ልዩነት መቼ እንደሚታይ ነው። ላይኛው ጫፍ ያለው 1 ሜትር ሸክላ በስድስት እጥፍ ስለሚቀጥን ሥራውን በሠላሳ ስድስት እጥፍ ይፈጥናል፤ ሁለት ወር ተኩል ይበቃዋል። ግንባታው ሳያልቅ የሚወርደውን 2 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ይጨርሳል። ታችኛው ጫፍ በግንባታው አንድ ዓመት ውስጥ ከዘገምተኛው ድርሻው ሩቡን ብቻ፣ ማለትም ከ2 ሴንቲ ሜትር ትንሽ በለጥ ያለውን፣ ይወርዳል። ስለዚህ ሪባን በሚቆረጥበት ቀን ሁለቱ ጫፎች በአንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ይለያያሉ፤ እሱንም ግንበኛው በልስንና በንጣፍ አካክሶታል። ቱንቢ ቢጣል ቀጥ ያለ ነው። የቀረው 6 ሴንቲ ሜትር ቁልፉ ከተሰጠ በኋላ፣ በአንድ ጫፍ ብቻ፣ ይመጣል።

> በምረቃው ቀን ሁለቱ ጫፎች እኩል ይመስላሉ። አንደኛው ጨርሷል፤ ሌላኛው ገና መጀመሩ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። በጀት ጠቦ የተቆፈረው የሙከራ ጉድጓድ አንድ ብቻ፣ እሱም መሐል ላይ ቢሆንስ? 3.5 ሜትር ሸክላ ይገኛል። ከእሱ የተሠራው ስሌት «ሕንፃው ሁሉ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል» ይላል። ለራፍት ይህ ተቀባይነት ያለው ቁጥር ነው፤ ስሌቱም ስህተት የለበትም። ልዩነቱን ግን ጨርሶ አያሳይም፤ ምክንያቱም ከአንድ ጉድጓድ ልዩነት አይወጣም።

## ራፍቱ የሚችለውና የማይችለው

«ራፍት ካደረግን ችግር የለም» የሚል አባባል በየሳይቱ ይሰማል። ግማሹ እውነት ነው። በየኮለኑ ለብቻ የተሠራ መሠረት ቢሆን እያንዳንዱ እንዳገኘው ይወርድ ነበር፤ ጎረቤት ኮለኖች ተለያይተው ቢሙ ይሰነጠቅ ነበር። ራፍት ሁሉንም በአንድ ሳህን ላይ ያስቀምጣል። ለስላሳ ቦታ ሲያጋጥመው ጭነቱን ወደ ጠንካራው ያሻግራል፤ ትናንሽ ልዩነቶችንም ይውጣል።

ሆኖም ሳህን ሸክላን አይለውጥም። ወፍራምና ግትር ራፍት በምሳሌያችን ቦታ ላይ አይታጠፍም፤ ያጋድላል። ግድግዳው ላይሰነጠቅ ይችላል፤ ነገር ግን በ24 ሜትር ላይ 7.5 ሴንቲ ሜትር ማለት 1 ለ320 ነው። በር ራሱ ይከፈታል፣ መታጠቢያ ቤት ውሃው ወደ ማፍሰሻው ሳይሆን ወደ በሩ ይሄዳል። ቀጭን ራፍት ደግሞ ይታጠፋል፤ ሸክላው አንድ ዓይነት በሆነበት ቦታ እንኳ መሐሉ ከጠርዙ ይበልጥ ይወርድና የሳህን ቅርጽ ይይዛል። ፌሮው ለዚያ መታጠፍ ካልተሰላ ስንጥቁ ከሥር ይጀምራል።

መሐንዲሶቹ ስኬምፕተንና ማክዶናልድ በ1956 እ.ኤ.አ. የብዙ ሕንፃዎችን ልምድ ሰብስበው ያወጡት መለኪያ ዛሬም ይሠራበታል። በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው የስምጠት ልዩነት ለርቀታቸው ሲካፈል 1 ለ300 ሲደርስ ግድግዳ መሰንጠቅ ይጀምራል፤ 1 ለ150 ሲደርስ ኮለንና ቢም መጎዳት ይጀምራሉ። ንድፍ የሚሠሩ ሰዎች ከዚህ ራቅ ብለው 1 ለ500 ላይ መቆምን ይመርጣሉ።

እዚህ ላይ የተራራው ግርጌ ባሕርይ ይከፋል። በምሳሌያችን ድንጋዩ በዝግታ ያዘቀዝቃል ብለናል። በእሳተ ገሞራ ድርብርብ ውስጥ ግን ድንጋዩ እንደ ደረጃ በአንዴ ሊወርድ ይችላል። ያው 7.5 ሴንቲ ሜትር በ24 ሜትር ላይ መሰራጨቱ ቀርቶ መሐል ባለው 8 ሜትር ውስጥ ቢመጣ 1 ለ107 ይሆናል። ራፍቱ ጥቂቱን ያለሰልሰው ይሆናል እንጂ ሕንፃው የሚሰበረው እዚያ ደረጃ ላይ ነው። የወረደው መጠን አልተለወጠም፤ የወረደበት ርቀት አጠረ።

## ጭነት በየቦታው ይመጣል

ስምጠትን የሚያመጣው ሕንፃው ብቻ አይደለም። በተዳፋት ላይ የተለመደው ልማድ ግቢውን ለማስተካከል የታችኛውን ጎን በገረጋንቲ መሙላት ነው። 1.5 ሜትር ሙሌት በካሬ ሜትር 2.7 ቶን ይመዝናል፤ ይህም በምሳሌያችን ሕንፃው ከጨመረው ጭነት ሁለት ሦስተኛው ነው። ያ ሁሉ የሚያርፈው ሸክላው ከሁሉ በሚወፍርበት ጎን ላይ ነው። ጉብታውን ቆርጦ ረባዳውን የሞላ ሰው ላይኛውን ጫፍ አቅልሎ ታችኛውን አክብዷል፤ ልዩነቱን በገዛ ገንዘቡ አሳድጎታል።

ውሃ ማውጣትም እንደ ጭነት ነው። የከርሰ ምድር ውሃ 1 ሜትር ሲወርድ ከሥር ባለው ሸክላ ላይ በካሬ ሜትር 1 ቶን የተጨመረ ያህል ነው። ሜክሲኮ ሲቲ ለዚህ የዓለም ምሳሌ ናት። የድሮ ሐይቅ ሸክላ ላይ ተቀምጣ ከሥሯ ለአሥርት ዓመታት ውሃ ስለተሳበ፣ በ1904 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ1934 የተጠናቀቀው ታላቁ የኪነ ጥበብ ቤተ መንግሥቷ፣ የራሱ ክብደትም ተጨምሮበት፣ በርካታ ሜትሮች ሰምጧል።

## ፒዛ ለምን አልወደቀችም

የፒዛ ግንብ ታሪክ ስለ መዝመም ተደጋግሞ ይነገራል፤ ስለ ጊዜ የሚናገረው ግን ይበልጣል። ግንባታው በ1173 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። ሦስተኛ ፎቅ አካባቢ ሲደርስ በ1178 ቆመ፤ የተመለሱበትም ወደ መቶ ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ በ1272 ነው። በዚያ ረጅም እረፍት ከሥሩ ያለው ለስላሳ ሸክላ ውሃውን እየለቀቀ ታመቀ፣ ጠነከረም። ዘመናዊ መሐንዲሶች የሚሉት፣ ግንቡ ያለ እረፍት ቢሠራ ኖሮ ሸክላው ሳይሸከመው ይወድቅ ነበር።

በ1990 ግንቡ ለጎብኚ ሲዘጋ መፍትሔው የተገኘው ከዚያው ከልዩነት ነው። የዘመመውን ጎን ወደ ላይ መግፋት ቀርቶ ያነሰ በወረደው በሰሜኑ ጎን ከመሠረቱ ሥር በቀጫጭን ቱቦ ጥቂት በጥቂት አፈር ወጣ። ግንቡ ወደዚያ ጎን በግማሽ ዲግሪ ተመለሰ፤ በ2001 መጨረሻም እንደገና ተከፈተ። የቆመውን ጎን ማውረድ የወረደውን ከማንሳት ቀለለ።

## ስንጥቁን ማንበብ

ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ያየ ሰው ሁሉ «ቤቱ ሰመጠ» ይላል። በዋልካ አገር ግን ስንጥቅ ሁሉ ስምጠት አይደለም፤ መለያውም ወቅት ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይኮማተራል። ሚያዝያ ላይ ሰፍቶ ነሐሴ ላይ የሚጠብ ስንጥቅ የዚህ የመንፋትና የመድረቅ ምልክት ነው። ክረምት ከበጋ ሳይለይ፣ ዓመት በዓመት እየሰፋ፣ ግን እየሰፋ የሚሄድበት መጠን በየዓመቱ እያነሰ የሚሄድ ከሆነ ኮንሶሊዴሽን ነው። ግንባታው ላይ እያለ መጥቶ ከዚያ ወዲህ ምንም ያልተንቀሳቀሰ ከሆነ ወዲያውኑ የሆነው ነው፤ ይለሰናል፣ ይረሳል።

አቅጣጫውም ይናገራል። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ወደ ላይ የሚወጣው ወደ ሰመጠው ጎን ነው። ስንጥቁ ወደ ምሥራቅ እየወጣ ከሄደ የወረደው ምሥራቁ ነው ማለት ነው።

ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ስንጥቁ ላይ ትንሽ ጀሶ በስሱ ይለጠፍና ቀኑ ይጻፍበታል፤ ጀሶው ከተሰነጠቀ እንቅስቃሴው አልቆመም። በሕንፃው አራት ጥግ ላይ በምስማር ምልክት ተደርጎ፣ ውሃ በተሞላ ግልጽ ላስቲክ ወይም በቀያሽ መሣሪያ፣ ድንጋይ ላይ ካለ ነጥብ አንጻር በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በክረምት ማብቂያና በበጋ ማብቂያ፣ ቁመታቸው ይመዘገባል። ያ መዝገብ ከግንባታው የመጀመሪያ ቀን ቢጀምር ከማንኛውም ስሌት የተሻለ እውነት ይናገራል። ብዙዎች ግን የሚጀምሩት ከመጀመሪያው ስንጥቅ በኋላ ነው፤ ያኔ ግማሹ ታሪክ አልፏል።

## አንድ እግር ድንጋይ፣ አንድ እግር ጭቃ

መፍትሔዎቹ ብዙ ቢሆኑም አንድ መርሕ ያስተሳስራቸዋል፦ ሕንፃ አንድ እግሩን ድንጋይ ላይ፣ አንድ እግሩን ጭቃ ላይ አድርጎ መቆም የለበትም። ወይ ሁሉም ድንጋይ ላይ፣ ወይ ሁሉም ተመሳሳይ ሸክላ ላይ።

ከሁሉ የሚረክሰው ቦታ መምረጥ ነው። ጉድጓዶቹ የድንጋዩን ደረጃ ካሳዩ ሕንፃውን ከደረጃው ወዲህ ወይም ወዲያ ማሸሽ፣ ርዝመቱንም ከቁልቁለቱ ይልቅ በቁልቁለቱ ጎን ማዞር ይቻላል። በምሳሌያችን ሕንፃው ሲዞር የድንጋዩ መዝቀዝቀዝ ሳይለወጥ የሁለቱ ጎኖች ልዩነት በግማሽ ይቀንሳል፤ የማጋደሉ መጠን ግን 1 ለምን ያህል እንደሆነ ሲታይ ያው ስለሆነ ይህ ብቻውን አይበቃም። ቦታው ካስገደደ ሕንፃውን በመሐል በመነጠያ ክፍተት ለሁለት ከፍሎ እያንዳንዱ ለብቻው እንዲወርድ ይደረጋል፤ የውሃና የፍሳሽ ቧንቧው ክፍተቱን ሲያልፍ እንዲተጣጠፍ ሆኖ ይሠራል።

ሸክላው 2 ወይም 3 ሜትር ብቻ ከሆነ አውጥቶ በጥሩ ሙሌት መተካት ይቻላል። 6 ሜትር ሲሆን ግን የጉድጓዱ ግድግዳ ይናዳል፣ ውሃ ይሞላል። እዚያ የተሻለው በታችኛው ጎን ያለውን ጭነት በፓይል ወደ ድንጋዩ ማውረድና ላይኛውንም ድንጋይ ላይ ማሳረፍ ነው። ጊዜ ያለው ደግሞ የፒዛን እረፍት በዕቅድ ሊሠራው ይችላል፤ ከግንባታው በፊት 2.3 ሜትር ገደማ አፈር ቦታው ላይ ቆልሎ ሕንፃው የሚያወርደውን አስቀድሞ ማውረድ። ሙሌቱ ብቻውን 8 ዓመቱን ስለማያሳጥር፣ በየ1 ሜትሩ እስከ ድንጋዩ የሚወርድ ቀጭን የማፍሰሻ መስመር በሸክላው ውስጥ ይተከላል። ያኔ ውሃው 3 ሜትር መጓዙ ቀርቶ በግማሽ ሜትር ርቀት መውጫ ያገኛል፤ ዓመታቱም ወደ ወራት ይወርዳሉ።

ይህ ሁሉ የሚወሰነው ግን መጀመሪያ በሚቆፈሩት ጉድጓዶች ነው። አራቱ ጥግና መሐሉ፣ አምስት ጉድጓድ፣ እያንዳንዱ ድንጋይ እስኪመታ። አንድ ወጣት መሐንዲስ ባለቤቱ «አንዱ አይበቃም ወይ?» ሲለው የሚመልሰውን ነገረኝ። «አንዱ አፈሩን ይነግረኛል። ቤትህን የሚሰነጥቀው ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ልዩነት ደግሞ ከሁለት አያንስም።»

ታችኛው ጉድጓድ ውስጥ ያለው ቆፋሪ መሰላሉ ላይ ቆሞ አካፋውን ያቀብላል። አንዱ ከላይ፣ «ደረስክ?» ይለዋል። ዶማውን አንዴ ወደ ታች ይሰነዝርና ያዳምጣል። ዝም ነው። «ገና ነኝ» ይላል።